«መብራት አይበላም» ሲባል ስንት ነው?

መርካቶም ሆነ ሾላ ምጣድ ሊገዛ የወጣ ሰው አንዲት ነገር ሳይሰማ አይመለስም። «ይሄ እኮ መብራት አይበላም!» ይላል ሻጩ፣ አክምባሎውን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ። የጎረቤቱም ምጣድ አይበላም። ከማዶ ያለውም አይበላም። ሁሉም እንዲህ ጾመኛ ከሆነ፣ ቆጣሪ ላይ የሞላነውን ካርድ በልቶ የሚጨርሰው ማን እንደሆነ እንጃ።

አምና የእህቴ ምጣድ መሀሉ ላይ ተሰነጠቀና አስቸገራት። «አንተ መቼም ስትጽፍ ነው የምትውለው፤ እስቲ የትኛው እንደሚሻል አጣርተህ ጻፍልኝ» አለችኝ። ዞርኩ፣ ጠየቅሁ፣ አንድ ገጽ ሞላሁ። የክዳኑን ቀለም፣ የእግሩን ቁመት፣ ዋጋውን፣ ሻጮቹ ያሉትን ሁሉ በየተራ ደርድሬ «ሁሉም የየራሳቸው ጥሩ ጎን አላቸው፤ ምርጫው የገዢው ነው» ብዬ ዘጋሁት። አነበበችውና ወረቀቱን መለሰችልኝ። «ታዲያ የቱን ልግዛ?»

ያ ጽሑፍ ውሸት አልነበረበትም። ግን ለገዢ አንዲት ነገር አልፈየደም። ዕቃን ከዕቃ አወዳድሮ ለሰው መጻፍ ከሻጭ አፍ የሰሙትን ገልብጦ ማስቀመጥ እንዳልሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እንደገና ስጀምር በመጀመሪያ የጠየቅሁት ሻጮቹን ሳይሆን እሷን ነው። በአንድ ጊዜ ስንት እንጀራ ትጋግሪያለሽ? ስድስት፣ በሳምንት ሁለቴ። ቆጣሪው የብቻሽ ነው? አዎ። መብራቱ በእናንተ ሰፈር እንዴት ነው? ማታ ማታ ይደክማል። እነዚህ ሦስት መልሶች ምን መለካት እንዳለብኝ ነገሩኝ። ለሌላ ሰው ብጽፍ ኖሮ ሌላ ነገር እለካ ነበር።

እንግዲህ «መብራት አይበላም» የሚለውን ወደ ቁጥር እንመልሰው። ብዙ ሰው ምጣዱ ጎን ላይ የተለጠፈውን ዋት አይቶ ይፈርዳል። ዋት የሚነግረን ግን ምጣዱ በምን ፍጥነት እንደሚበላ ነው፤ በልቶ ሲነሳ ምን ያህል እንደጨረሰ አይነግረንም። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ ሥራውን በአንድ ሰዓት ከጨረሰ የበላው 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ነው። 3 ኪሎዋት የሚስበው ደግሞ ያንኑ ሥራ በሰዓት ተኩል ከጨረሰ 4.5 በልቷል። «ትንሹ» ብዙ በላ ማለት ነው። ስለዚህ መለካት ያለበት ከመሰካት እስከ መንቀል የሄደው ጠቅላላ ፍጆታ ነው። ለዚህም የሚበቃ መሣሪያ ግድግዳችን ላይ ተሰቅሏል፤ ቆጣሪው።

ፍሪጁን፣ አምፖሉን፣ ቴሌቪዥኑን ሁሉ አጥፍቶ፣ ምጣዱን ብቻ ሰክቶ፣ የቆጣሪውን ቁጥር መነሻ ላይ፣ ምጣዱ ሲግል፣ ከዚያም በየአምስት እንጀራው መመዝገብ ነው። ምጣዱ ሲግል ያለችው ንባብ ትንሽ ትመስላለች። በኋላ እንደምናየው ግን ነገሩ ሁሉ የሚወሰነው በእሷ ነው።

እኔ የለካሁት የእነዚያን ጥቂት ምጣዶች ነገር ብቻ ስለሆነ፣ እዚህ ነገሩን ለማስረዳት ያህል ክብ ቁጥር ልውሰድ። ሁለት ምጣዶች አሉ እንበል፤ ሁለቱም 3.5 ኪሎዋት ይስባሉ፣ ጋግረው እስኪጨርሱ አይጠፉም። አንደኛው ሸክላው ቀጭን ነው። በ12 ደቂቃ ይግላል፤ ግን ሙቀቱን ቶሎ ስለሚለቅ ሊጥ በፈሰሰበት ቁጥር ይቀዘቅዝና ለአንድ እንጀራ 3 ደቂቃ ይፈልጋል። ሁለተኛው ሸክላው ወፍራም ነው፣ ከሥሩም ሙቀት እንዳያመልጥ በደንብ ተደፍኗል። ለመጋል 24 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ አንዴ ከጋለ ግን እንጀራውን በ2 ደቂቃ ያወጣል።

ቀጭኑ ለመጋል ብቻ 0.7 ኪሎዋት ሰዓት፣ ወፍራሙ 1.4 ይበላሉ። ከዚያ ወዲያ ቀጭኑ ለእያንዳንዱ እንጀራ 0.175 ገደማ ሲጨምር ወፍራሙ 0.117 ገደማ ይጨምራል። እህቴ የምትጋግራቸውን ስድስት እንጀራዎች እናስላ። ቀጭኑ 1.75፣ ወፍራሙ 2.1 ሆነ። ቀጭኑ አሸነፈ። ጎረቤታችን እትዬ ግን ለምግብ ቤት ስለሚያቀርቡ በአንድ ጊዜ 30 ይጋግራሉ። ለእሳቸው ቀጭኑ 5.95፣ ወፍራሙ 4.9 ይሆናል። ወፍራሙ አሸነፈ። ሁለቱ የሚገናኙት 12ኛው እንጀራ ላይ ነው፤ እዚያ ሁለቱም 2.8 ላይ ናቸው።

አንድ ገምጋሚ 30 ጋግሮ «ወፍራሙ ይሻላል»፣ ሌላው ስድስት ጋግሮ «ቀጭኑ ይሻላል» ብለው ቢጽፉ ሁለቱም አልዋሹም። የሚያነበው ሰው ግን አንዱ ጉቦ የበላ ይመስለዋል። ስንት እንጀራ እንደጋገሩ ቢጽፉ ኖሮ ጠቡ አይኖርም ነበር። ከዚህም የባሰ አለ፤ የሁለቱን አማካይ ወስዶ «በአማካይ ይህን ያህል ይበላሉ» ማለት። በአማካይ የሚጋግር ሰው የለም። አንባቢው የሚፈልገው የመገናኛውን ነጥብ ነው፤ 12 የሚለውን ካገኘ የራሱን ሞሰብ አስቦ ይወስናል።

የልዩነቱን ልክም በወር ቀይሮ ማስቀመጥ ደግ ነው። እህቴ በሳምንት ሁለቴ ብትጋግር በወር የምታተርፈው ሦስት ኪሎዋት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። እትዬ በየቀኑ ከጋገሩ ግን የእሳቸው ልዩነት በወር 30 ኪሎዋት ሰዓት ያልፋል። የዋጋው ልዩነት ከዚህ ጋር ሲተያይ እህቴ ስለ መብራት ብዙም መጨነቅ እንደሌለባት፣ እትዬ ግን ሊያስቡበት እንደሚገባ ይታያል። አንዳንድ ጊዜ ለገዢው የሚጠቅመው «ይህ ልዩነት ለአንተ ምንም አይደለም፤ ርካሹን ግዛ» የሚል ዓረፍተ ነገር ነው። ሻጭ ይህችን አይላትም።

እስካሁን ያወራሁት ልኬቱ ትክክል እንደሆነ አድርጌ ነው። ልኬት የሚበላሽበት መንገድ ብዙ ነው፤ እኔን የጣለኝን ብቻ ልናገር። በመጀመሪያው ቀን አንዱን ምጣድ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ፣ ሌላውን ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ሞከርኩ። የማታው ምጣድ አልግል አለ። «ይሄ የማይረባ ነው» ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። በማግስቱ ጠዋት ያንኑ ምጣድ ስሰካው እንደ ጓደኛው ጋለ።

የገመገምኩት ምጣዱን ሳይሆን የሰፈሩን መብራት ነበር። ማታ ሁሉም ቤት ሲያበራ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ የምጣድ ሽቦ ደግሞ ለዚህ ስስ ነው። 220 መሆን የነበረበት ቮልቴጅ ወደ 190 ቢወርድ ቅነሳው 14 በመቶ ያህል ነው፤ ምጣዱ የሚያገኘው ኃይል ግን በሩብ ይቀንሳል፤ ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ነውና የሚሄደው። 3.5 ኪሎዋት የነበረው 2.6 ገደማ ይሆናል። ቀስ ብሎ ሲግል የሚያመልጠው ሙቀት ስለሚበዛ ጠቅላላ ፍጆታውም ይጨምራል።

ይህን የሚያሳብቅ ምልክት እዚያው ቆጣሪው ላይ አለ። ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ ቀይ መብራት አለች፤ አጠገቧ 1600 imp/kWh ወይም ሌላ ቁጥር ተጽፏል። 1600 ካለ ያቺ መብራት 1600 ጊዜ ብልጭ ስትል አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሄደ ማለት ነው። ምጣዱ ብቻ ተሰክቶ እያለ ሰዓት ይዞ 30 ብልጭታ መቁጠር ነው። 19 ሰከንድ ከፈጀ ምጣዱ 3.5 ኪሎዋት እየሳበ ነው። 26 ሰከንድ ከፈጀ 2.6 አካባቢ ላይ ወርዷል፤ የዚያን ሰዓት ሙከራ ትቶ መብራቱ ሲበረታ መመለስ ነው። እኔ ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ሙከራ በዚህ ቆጠራ እጀምራለሁ፣ መሀል ላይም እደግመዋለሁ።

እርግጥ እንደ እህቴ ሰፈር መብራት የሚደክምበት ቦታ ላለ ገዢ፣ የማታው ሙከራም መረጃ ነው። ግን ሁለቱም ምጣዶች በደከመ መብራት ተሞክረው፣ «ይህ በደከመ መብራት የተገኘ ነው» ተብሎ ለብቻው ይጻፍ።

ሁለተኛው ወጥመድ ማሟሸት ነው። የሸክላ ምጣድ ከሱቅ እንደመጣ አይጋግርም፤ በጎመን ዘር ተሟሽቶ፣ ፊቱ ጠቁሮና ለስልሶ ነው እንጀራውን የሚለቀው። ሁለት ዓመት የተጋገረበትን የቤት ምጣድ ትናንት ከተገዛ ምጣድ ጋር አወዳድሮ «አዲሱ ይይዛል» ማለት አራስ ልጅን ከጎረምሳ ጋር እንደማስሮጥ ነው። ሁሉም በእኩል መጠን ይሟሹ፤ ስንት ጊዜ እንደተሟሹም ይጻፍ። ሊጡ ከአንድ እቃ ይቀዳ፣ አብሲቱም አንድ ይሁን። ሊጥ ሰዓት በሄደ ቁጥር ይለወጣል፤ ስለዚህ ምጣዶቹን ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል ማስኬድ ለአንዱ ማድላት ነው። ዛሬ ቀድሞ የጋገረው ነገ ኋላ ይጋግር። ጋጋሪዋም እጇ የለመደው ምጣድ ይኖራልና፣ ቢቻል ሁለት ሰው ይጋግር።

ይህን ሁሉ አድርገን አንዱን ምጣድ ሦስት ቀን ብንለካው ሦስት የተለያየ ቁጥር ነው የምናገኘው። በመሀላቸው ያለው ልዩነት 0.2 ኪሎዋት ሰዓት ነው እንበል። እንግዲያው በሁለት ምጣዶች መካከል ከ0.2 ያነሰ ልዩነት ብናይ ልዩነት ነው ማለት አንችልም፤ ምጣዱ ከራሱም ጋር እንዲያ ይለያያልና። ከላይ ወዳለው ስሌት ስንመለስ ከ9 እስከ 15 እንጀራ ባለው ክልል ሁለቱ የሚለያዩት ከዚያ ባነሰ ነው። ስለዚህ «12» ብሎ በምላጭ ከመቁረጥ «ከ9 እስከ 15 የሚጋግር ቤት የፈለገውን ይግዛ፤ እኩል ናቸው» ማለት ይበልጥ እውነት ነው። ጸሐፊዎች «እኩል ናቸው» ማለት እንፈራለን፤ ሥራ ያልሠራን ይመስለናል።

ስለ እንጀራው ጥራትስ? እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ዳኛ ነው። የእናቴ ፍርድ እንጀራውን ሳትቀምስ፣ ምጣዱን አይታ ያለቀ ነው፤ ወፍራሙን «እንደ ጥንቱ» ስላለችው አይኑም ጣዕሙም የእሱ በልጦ ታያት። ዳኛው ምጣዱን ካወቀ ፍርዱ ወደ ዋጋውና ወደ መልኩ ይሳባል። መፍትሔው ቀላል ነው። ከአንዱ ምጣድ ሁለት ቁራሽ፣ ከሌላው አንድ ቁራሽ፣ እኩል የቀዘቀዙ፣ ሦስት ሳህን ላይ ይቀመጡ። ምልክቱ ከሳህኑ ሥር ይሁን። ከዚያ «የትኛው ይጣፍጣል?» ብሎ መጠየቅ የለም፤ «ከሦስቱ ለየት ያለው የትኛው ነው?» ነው ጥያቄው። በግምት ብቻ የሚመልስ ሰው ከሦስት አንዴ ያገኘዋል። እኛ ቤት 12 ጊዜ ሞክረን አምስት ጊዜ ብቻ ተገኘ፤ በግምት ብቻ አራት ይጠበቅ ስለነበር፣ ይህ ለመፍረድ አይበቃም። እናቴ ሳህኑን ገልብጣ ምልክቱን ስታይ ዝም አለች። እኔም «የወፍራሙ ይጣፍጣል» ልል ያዘጋጀሁትን ዓረፍተ ነገር ሰረዝኩ። ምግብ ቀማሾች በሙያቸው የሚጠቀሙበት ይህ የሦስትዮሽ ፈተና ከሳህንና ከከሰል በቀር ወጪ የለውም።

አሁን ገንዘቡን ማን እንደከፈለ እንነጋገር፤ አንባቢ ከሁሉ በፊት የሚጠረጥረው እሱን ነውና። አንድ ሻጭ ስለ ዙረቴ ሰምቶ ምጣድ በነጻ ሊሰጠኝ ፈልጎ ነበር። ደግ ሰው ነው፤ ነገር ግን የሚሰጠኝን የሚመርጠው እሱ ነው። ሸክላ በእጅ የሚሠራ ነገር ስለሆነ የአንድ ሠሪ ምጣዶች እንኳ ውፍረታቸው ይለያያል፤ ለገምጋሚ የሚላከው ደግሞ ከመደርደሪያው ጥግ የተነሳው አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1936 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው ኮንሲውመር ሪፖርትስ፣ በ1964 ደግሞ ጀርመን ውስጥ የተቋቋመው ሽቲፍቱንግ ቫረንቴስት የሚፈትኑትን ዕቃ ማንነታቸውን ሳይገልጹ እንደ ማንኛውም ገዢ ከሱቅ የሚገዙት ለዚህ ነው። እኛ ያን ያህል አቅም የለንም። ከዘመድና ከጎረቤት የተዋሰ ምጣድም ይሠራል፤ ዋናው ከየት እንደመጣ ከላይ፣ በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ መናገር ነው። ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ «ምስጋና ለእገሌ ሱቅ» አይቆጠርም።

የመጨረሻው አስቸጋሪ ነገር የማያውቁትን መጻፍ አለመጀመር ነው። «ዘላቂ» የሚለው ቃል በየግምገማው አለ፤ ጸሐፊው ዕቃውን የያዘው ግን ሁለት ሳምንት ነው። ምጣድ የሚሰነጠቀው፣ ሽቦውም የሚበጠሰው ከወራት በኋላ ነው። ጠጋኝ ዘንድ ሄጄ የትኛው ቶሎ እንደሚበላሽ ብጠይቀው አንዱን አይነት ጠቆመኝ። ጥሩ ምንጭ ነው፤ ሽቦው የት ላይ እንደሚቃጠል ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን እሱ የሚያየው የተበላሸውን ብቻ ነው። ያ አይነት ምጣድ ብዙ ስለተሸጠ ብቻ ሊሆን ይችላል ብዙ የሚመጣለት። ስለዚህ የሰጠኝን ምክንያት ጻፍኩ፣ ደረጃውን ግን ተውኩት።

በሁለት ሳምንት የሚታወቅ ነገርም አለ። 3.5 ኪሎዋት በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል፤ ይህ ለአንድ ተራ ሶኬት ጫፍ ነው። ግማሽ ሰዓት ከጋገሩ በኋላ ብሬከሩን አጥፍቶ መሰኪያውን መንካት ነው። እጅ የማያስነካ ከሆነ፣ ወይም ላስቲኩ ከሸተተ፣ ይህ ከጣዕምም ከፍጆታም በፊት ይጻፋል። አብሮት የመጣው ገመድ ቀጭን ይሁን ወይም የቤቱ ሶኬት የላላ መሆኑን ለማወቅ ሌላውን ምጣድ እዚያው ሶኬት ላይ ሰክቶ ማየት ነው።

ለእህቴ መጨረሻ ላይ የሰጠኋት ጽሑፍ ከመጀመሪያው ያጠረ ነበር። መግቢያው እንዲህ ይላል፦ «ሁለቱንም ምጣዶች በራሴ ገንዘብ ከሱቅ ገዝቻለሁ፤ ከእያንዳንዱ የሞከርኩት አንድ ብቻ ነው። በአንድ ጊዜ ከዘጠኝ በታች የሚጋግር ቤት ቀጭኑን፣ ከአሥራ አምስት በላይ የሚጋግር ወፍራሙን ይግዛ። በመሀል ያለ ሰው ዋጋ ይመልከት። ቀጭኑ ጠርዙ ላይ ስለሚቀዘቅዝ የእንጀራው ከንፈር ይነጣል። ወፍራሙ ክብደቱ ለአንድ ሰው አይሆንም፤ ከኩሽና ወደ ጓሮ የሚያመላልስ አይግዛው። በጣዕም ልዩነት አላገኘንም። ስንት ዓመት እንደሚቆዩ አላውቅም።»

አነበበችና ቀጭኑን ገዛች። የእንጀራው ከንፈር ሲነጣ አልከፋትም፤ አስቀድሞ ተነግሯታልና።

በሳምንቱ ጎረቤታችን እትዬ በሩን አንኳኩ። «የእህትህን አይነት ምጣድ ልገዛ ነው፤ አጥንተህበታል አሉ» አሉኝ።

«እትዬ፣ እርስዎ ስንት ነው የሚጋግሩት?»

«ሠላሳ። ምነው?»

ወረቀቱን አምጥቼ ጣቴን «ከአሥራ አምስት በላይ» የሚለው ላይ አሳረፍኩላቸው። መነጽራቸውን ፈልገው አጠለቁና ደግመው አነበቡት። «ወፍራሙ ከባድ ነው ይላል» አሉ። «ለመሆኑ ከታክሲ ላይ የሚያወርደው ማነው?»